ገንዘቡ ገብቷል፤ የምኑ እንደሆነ ግን አልተነገረንም

ለከተማችን ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
እንዲሁም ለክፍያና ሒሳብ ቡድን፣

ጉዳዩ፦ ክፍያ በባንክ ሲላክልን የክፍያ ማሳወቂያ አብሮ እንዲላክልን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊና የቡድኑ ባልደረቦች፣

እኛ ለከተማው መሥሪያ ቤቶች የጽሕፈት መሣሪያና የጽዳት ዕቃ የምናቀርብ አነስተኛ መደብሮች ነን። ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ የአንዱ መደብር ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከታች የማነሳቸው ሌሎች ጉዳዮች የጓደኞቼ ናቸው፤ እንድጽፋቸው ፈቅደውልኛል።

አቤቱታችን «ክፍያ ዘገየ» የሚል አይደለም። እሱን ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን። የአሁኑ ጥያቄ ከገባው ገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው።

እስከ 2015 በጀት ዓመት መጨረሻ ድረስ የሚከፈለን በቼክ ነበር። ቼኩን ለመውሰድ ወረፋ እንይዛለን፣ ስንደርስ ገንዘብ ያዧ መዝገቡን ታስፈርመናለች፣ ከክፍያ ማዘዣው ቫውቸርም አንድ ኮፒ ትሰጠናለች። ወረፋው አሰልቺ ነበር። ኮፒው ላይ ግን ሁሉም ነገር ነበር፦ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደገዛ፣ የትኛው ደረሰኝ እንደተከፈለ፣ ስንት እንደተቀነሰና ለምን እንደተቀነሰ።

በ2016 መጀመሪያ ጽሕፈት ቤታችሁ ቼክ አስቀርቶ ክፍያን በቀጥታ ወደ ባንክ ሒሳባችን ማስተላለፍ ጀመረ። ይህን አልተቃወምንም፤ ወረፋ የሚናፍቅ ሰው የለም። ነገር ግን ቼኩ ሲቀር ኮፒውም አብሮ ቀረ። በምትኩም ምንም አልመጣም። ቀጥሎ በር ላይ «የክፍያ ጥያቄ ሐሙስ ብቻ እናስተናግዳለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ስለዚህ አሁን ሐሙስ ሐሙስ የምንሰለፈው ገንዘብ ለመቀበል ሳይሆን የተቀበልነው ገንዘብ የምን እንደሆነ ለመጠየቅ ነው።

ችግሩ ለምን እንደሚከብድ ለመግለጽ ከፑሉ ልጀምር። ትምህርት ጽሕፈት ቤት ቢገዛ፣ ጤና ጽሕፈት ቤት ቢገዛ፣ ማዘጋጃ ቤት ቢገዛ፣ ለሁሉም የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፤ ገንዘቡም የሚወጣው ከአንድ ቦታ ነው። ስለዚህ በባንክ ስቴትመንታችን ላይ የላኪው ስም ሁሌም አንድ ነው። ማብራሪያው ሥር «ከፋይናንስ ጽ/ቤት የተላለፈ» ከሚል በቀር ምንም የለም። ባንኩን ብንጠይቅ «እኛም የምናየው ይህንኑ ነው» ይሉናል። እውነታቸውን ነው። በባንክ ዝውውር መልእክት ላይ ለማብራሪያ የሚተወው ቦታ ጠባብ ነው። ስዊፍት ኤምቲ 103 በሚባለው መልእክት እንኳ ለዚሁ የተተወው 4 መስመር ሲሆን፣ በየመስመሩ ከ35 ፊደል በላይ አይገባም። ሦስት ደረሰኝና ተቀናሾቻቸውን እዚያ ውስጥ መጠቅጠቅ አይቻልም። ዝርዝሩ ለብቻው በአንድ ወረቀት መላክ ያለበት ለዚህ ነው።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2016፣ ሰኞ ጠዋት፣ ወደ መደብራችን ሒሳብ 205,657 ብር ከ50 ሳንቲም ገባ። በዚያን ዕለት በፑሉ በኩል የሚከፈሉ አምስት ያልተከፈሉ ደረሰኞች ነበሩን። ይህ ገንዘብ የአንዱ ነው? የሁለቱ? የሦስቱ? አምስት ደረሰኝ በ31 ዓይነት መንገድ ሊጣመር ይችላል። ወረቀትና ካልኩሌተር ይዤ ተቀመጥኩ።

የሚቀርበው የሁለቱ ድምር ሆኖ አገኘሁት። አንዱ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የወሰደው 84,000 ብር ነው። ሌላው ጤና ጽሕፈት ቤት የወሰደው 126,500 ብር ነው። ሁለቱም ከቫት በፊት ነው፤ ቫቱን እናንተ ይዛችሁ ለገቢዎች ስላስተላለፋችሁት ወደ እኛ አልመጣም። ድምሩ 210,500 ነው። ከዚህ ላይ የ2 በመቶው ቅድመ ግብር 4,210 ብር ሲቀነስ 206,290 ብር መግባት ነበረበት። የገባው ግን በ632 ብር ከ50 ያንሳል።

632.50 የምን ገንዘብ ነው? የባንክ ኮሚሽን እንዳይባል ይበዛል። አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ በመጨረሻ «አገኘሁት!» አልኩ። ሁለቱ ደረሰኞች ቫት ሲጨመርባቸው 242,075 ብር ይሆናሉ። የዚህ 2 በመቶ 4,841.50 ነው። ከትክክለኛው 4,210 የሚበልጠው በ631.50 ነው። ከጎደለው ጋር የ1 ብር ልዩነት ብቻ! ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ 2 በመቶውን ቫት ከተጨመረበት ዋጋ ላይ በስህተት አስልቷል፣ አንዷ ብር ደግሞ የማጠጋጋት ናት ብዬ ደመደምኩ። በተቀናሽ ግብር ስም 4,842.50 መዘገብኩ። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ማመልከቻ ጽፌ ገባሁ። ትንሽ ኮራም ብዬ ነበር።

መስኮቱ ላይ የነበረው ባልደረባችሁ ማመልከቻውን አንብቦ ተቆጣ። «እኛ ቫት ላይ አናሰላም! ይህን የማናውቅ መሰለህ?» አለኝ። ልክ ነበር። የጎደለው ለምን እንደጎደለ ስጠይቀው ግን «ቫውቸሩ ታስሮ መዝገብ ቤት ገብቷል፣ በሌላ ሐሙስ ና» አለኝ። ያ ሌላ ሐሙስ ሌላ ሐሙስ ወለደ። መልሱን ያገኘሁት ሰኔ ላይ ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ መሆኑ ነው።

632.50 ብሩ የመዘግየት ቅጣት ነበር። በውላችን ለእያንዳንዱ የዘገየ ቀን ከዘገየው ዕቃ ዋጋ 0.1 በመቶ ይቀጣል። ጤና ጽሕፈት ቤት የገባው ዕቃ 5 ቀን ዘግይቷል ተብሎ 126,500 በ0.1 በመቶ በ5 ቀን ተባዝቶ ተቆርጧል። ስሌቱ አንድ ሳንቲም አልተሳሳተም። ከእኔ የተሳሳተ ግምት ጋር በ1 ብር መቀራረቡ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው። ቁጥር እንዲህ ይቀልዳል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ስቀን እናልፈው ነበር። ዕቃው ግን አልዘገየም። በውሉ የመጨረሻ ቀን አስረክበናል፤ ጫኝ አውራጁ ያስፈረመው የማስረከቢያ ወረቀት በእጃችን ነው። በዚያን ዕለት የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ አልነበረም፣ የገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 የተቆረጠው ሠራተኛው ሲመለስ ከ5 ቀን በኋላ ነው። የእናንተ የሒሳብ ባለሙያ ያየው የሞዴል 19ን ቀን ብቻ ነው። እሱን አልወቅሰውም፤ ፊቱ ያለው ሰነድ እሱ ነበር። ሚያዝያ 7 ላይ «632.50፣ የ5 ቀን መዘግየት» የሚል አንድ መስመር ደርሶን ቢሆን ግን በማግስቱ የማስረከቢያ ወረቀቱን ይዘን እንመጣ ነበር። ሰኔ ላይ ስንሰማ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ተዛውሮ ሄዷል፣ በጀት ዓመቱም ሊዘጋ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። እስካሁን አልተመለሰልንም።

በእኔ በኩል ደግሞ የመዘገብኩትን ማረም ነበረብኝ። 4,842.50 ቅድመ ግብር ተቀንሶብኛል ብዬ ለገቢዎች ባቀርብ ኖሮ በእጄ ያሉት የተቀናሽ ደረሰኞች የሚሉት 4,210 ነው። ልዩነቱን ማን ያምነኛል?

የሁለተኛዋ መደብር ታሪክ ያጥራል። ለአንድ መሥሪያ ቤት በየወሩ እኩል 18,500 ብር የሚያወጣ የጽዳት ዕቃ ታቀርባለች። የጥር፣ የየካቲትና የመጋቢት አልተከፈላትም ነበር። የሁለት ወር ክፍያ ገባ። የትኞቹ ሁለት ወሮች? እሷ ጥርና የካቲት ነው ብላ የመጋቢትን ልትጠይቅ ሄደች። መጋቢት ተከፍሏል፤ ያልተከፈለው የካቲት ነው፣ ምክንያቱም የየካቲቱ ደረሰኝ ላይ ማኅተም ጎድሎ ነበር። ይህን የነገራት ሰው እስኪገኝ ድረስ የተከፈላትን ስትጠይቅ፣ ያልተከፈላትን ደግሞ ሳታስተካክል ስድስት ሳምንት አለፈ። ማኅተሙን ማስመታት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ሦስተኛው የቀን ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም «ቀኑማ ደብዳቤው ላይ አለ» የሚል መልስ ደጋግመን ሰምተናል።

አንድ ክፍያ ቢያንስ አራት ቀን አለው። ቫውቸሩ የተዘጋጀበት ቀን አለ። ለባንክ የሚሄደው የዝውውር ደብዳቤ የተፈረመበት ቀን አለ። ባንኩ ከእናንተ ሒሳብ የቀነሰበት ቀን አለ። በእኛ ሒሳብ የገባበት ቀን አለ። የእኔን ክፍያ ብትወስዱ ቫውቸሩ የመጋቢት 30 ነው። ባንኩ ያስተላለፈው ሚያዝያ 4፣ አርብ ነው። የእኛ ባንክ ሌላ ስለሆነ እኛ ጋ የገባው ሰኞ ሚያዝያ 7 ነው። በስልክ «መጋቢት 30 ከፍለንሃል» ስባል የመጋቢት 30ን ስቴትመንት ገልብጬ ምንም አላገኘሁም። ያውም የባንኩ ስቴትመንት የሚያሳየው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። መጋቢት 30 እዚያ ላይ ሚያዝያ 8፣ 2024 ነው። እኛ «ሚያዝያ» ስንል የትኛው ሚያዝያ እንደሆነ መጠያየቃችን አይቀርም።

ይህ የቀን ልዩነት ሰኔ ላይ ሲሆን መዘዙ ይበዛል። የአንድ ባልደረባችን ክፍያ የዝውውር ደብዳቤው ሰኔ 28 ቀን 2016 ተፈርሟል። ገንዘቡ ሒሳቡ ውስጥ የገባው ሐምሌ 4 ነው። እናንተ በ2016 የተከፈለ አድርጋችሁ ዘጋችሁት። እሱ ሰኔ 30 ላይ ገንዘቡን ስላላየው ተሰብሳቢ አድርጎ አስቀመጠው። ኦዲተሩ የሒሳብ ማረጋገጫ ደብዳቤ ሲልክላችሁ «ዕዳ የለብንም» ብላችሁ መለሳችሁ። እሱ «አለባቸው» ይላል። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም። ባንኩ ከሒሳባችሁ የቀነሰው የትኛው ቀን እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት ስላልነበረ ግን ከኦዲተሩ ጋር አንድ ወር ተነታረከ።

አራተኛው ጨርሶ ስላልገባ ገንዘብ ነው። አንዱ ባልደረባችን ባንክ ቀይሮ አዲሱን የሒሳብ ቁጥር በደብዳቤ አስገብቷል። ደብዳቤው ፋይሉ ውስጥ ገባ፣ ሲከፈለው ግን በድሮው ቁጥር ተላከ። የድሮው ሒሳብ ስለተዘጋ ገንዘቡ ተመልሶ ወደ እናንተ መጣ። እናንተ የተመለሰ መሆኑን ስላላያችሁ «ተከፍሏል» ትላላችሁ፣ እሱ «አልገባም» ይላል። የዝውውሩ ሪፈረንስ ቁጥር በእጁ ቢኖር ባንክ ሄዶ በዚያው ቀን መጨረሻው ይታወቅ ነበር። ቁጥር የሌለው ሰው ባንክ ሄዶ «ከፋይናንስ የተላከልኝ ገንዘብ» ቢል ማን ይፈልግለታል?

ስለ ሪፈረንስ ቁጥሩ አንድ ነገር ልጨምር። ዝውውሩ ሲፈጸም የእናንተ ባንክ የሚሰጠው ቁጥር በFT ይጀምራል። የእኔው ክፍያ FT24103 ብሎ ይጀምራል፤ የቀሩትን አምስት ፊደላት እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። 24 ማለት 2024 ነው። 103 ማለት ደግሞ የዚያ ዓመት 103ኛ ቀን፣ ማለትም በእኛ ሚያዝያ 4 ነው። ቁጥሩ ራሱ ቀኑን ይናገራል። የእኛ ባንክ ሌላ ከሆነ ግን ይህ ቁጥር በስቴትመንታችን ላይ ላይታይ ይችላል፤ የእኛ ባንክ የራሱን ቁጥር ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ከእናንተ ካልመጣ ከሌላ ከየትም አናገኘውም።

ከሁሉ የሚገርመው የደረሰኙ ነገር ነው። ክፍያ ከላካችሁ በኋላ «የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ አላመጣችሁም» ተብለን እንወቀሳለን። መቀበያ ላይ የምን ክፍያ እንደሆነ መጻፍ አለብን። የምን እንደሆነ ስንጠይቅ «መጀመሪያ ደረሰኙን አምጡ» እንባላለን። ይህን ዙር ማን እንደጀመረው አናውቅም፤ እንዲያቆም ግን እንፈልጋለን።

«የሰው ኃይል የለንም» የሚለው መልሳችሁ ይገባናል። ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ በየሐሙሱ እናያለን። የጠየቅነው ነገር ግን አዲስ ሥራ አይደለም። የተቀናሾቹ ስሌት ቫውቸሩ ላይ ተሠርቷል። ባንኩ ዝውውሩን ሲፈጽም ሪፈረንስ ቁጥሩና ቀኑ ያለበትን ዴቢት አድቫይስ ይሰጣችኋል፤ ከቫውቸሩ ጋር ታስሮ ይቀመጣል። የሚፈለገው ከመታሰሩ በፊት ሁለቱን በአንድ ገጽ አድርጎ ለአቅራቢው መላክ ነው። በኢሜይል ይሁን በቴሌግራም ለእኛ አንድ ነው። የስልክ ፎቶም ቢሆን ይበቃናል።

የእኔ ክፍያ ማሳወቂያ ቢላክ ኖሮ ይህን ይመስል ነበር፦

የቫውቸር ቀን፦ መጋቢት 30/2016
ትምህርት ጽ/ቤት፣ ደረሰኝ ቁጥር …፦ 84,000.00፣ 2 በመቶ 1,680.00፣ የተጣራ 82,320.00
ጤና ጽ/ቤት፣ ደረሰኝ ቁጥር …፦ 126,500.00፣ 2 በመቶ 2,530.00፣ ቅጣት 632.50 (5 ቀን፣ በሞዴል 19 ቀን)፣ የተጣራ 123,337.50
በእናንተ ፈንታ የተያዘ ቫት፦ 31,575.00
የተላለፈ፦ 205,657.50
ባንኩ ያስተላለፈበት ቀን፦ ሚያዝያ 4/2016 (በፈረንጆች 12/04/2024)
የዝውውር ሪፈረንስ፦ FT24103…

ይኸው ነው። ይህ ቢደርሰኝ ሥራዬ አምስት ደቂቃ ነበር። ያን የ1 ብር ፈላስፋ ሆኜም አላስቸግራችሁም ነበር።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ ከእኛ ወገን። ማሳወቂያው ገንዘብ አይደለም። ከስቴትመንታችን ጋር ሳናመሳክር «ተከፈለ» ብለን አንመዘግብም፤ የተቀነባበረ የዝውውር ፎቶ የተላከለት ነጋዴ በመካከላችን አለ። እንደዚሁም ማሳወቂያ በምትልኩበት ቴሌግራም «የሒሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል» የሚል መልእክት በስማችን ቢመጣላችሁ አትቀበሉት። የሒሳብ ቁጥር የምንቀይረው በማኅተም በተደገፈ ደብዳቤ በአካል ቀርበን ነው።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው።

ከእያንዳንዱ ዝውውር በኋላ፣ ዴቢት አድቫይሱ ከባንክ በመጣ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ፣ ከላይ እንዳለው ዓይነት ማሳወቂያ ይላክልን። የሚጻፈው የክፍያ ቀን ባንኩ ከሒሳባችሁ የቀነሰበት ይሁን፤ በሁለቱም አቆጣጠር ቢጻፍ ደግሞ ያስማማናል። በተለይ ሰኔ ላይ ለሚላኩ ክፍያዎች ይህ ቸል እንዳይባል አደራ እንላለን።

ቅጣት ወይም ሌላ ተቀናሽ ካለ ምክንያቱና የተሰላበት ቀን ይጻፍ። ማሳወቂያው ከደረሰን ቀን ጀምሮ ቅሬታ የምናቀርብበት አጭር ጊዜም ይወሰንልን። ጊዜው ሲያልፍ አንከራከርም።

ተመላሽ የሆነ ዝውውር ሲኖር ለአቅራቢው ይነገረው።

በ2016 በጀት ዓመት ማሳወቂያ ሳይላክባቸው የቀሩ ክፍያዎች ዝርዝር፣ ከነሪፈረንስ ቁጥራቸው፣ ለእያንዳንዱ መደብር አንድ ጊዜ ይሰጠን። በዚያውም የ632.50 ብሩ ቅጣት ከማስረከቢያ ወረቀታችን ጋር ታይቶ ውሳኔ ይሰጥበት። ኮፒውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል።

ይህ እስኪጀመር ድረስ ደግሞ የሐሙሱ ማስታወቂያ ይነሳልን።

ከሰላምታ ጋር፣

የጽሕፈት መሣሪያና የጽዳት ዕቃ አቅራቢ መደብሮች ሒሳብ ሠራተኞች
ጥቅምት 2017 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ለጤና ጽሕፈት ቤትና ለማዘጋጃ ቤት የግዥና ንብረት ክፍሎች